ለሦስት ዕድሜ የሚሆን ፊልም

«ከምነግርዎት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ይህ መደርደሪያ ከነካሴቱ ይናድብኝ! ሁለት ዓይኔ ይጥፋ!» አለ ዘበነ፣ ባንኮኒውን በመዳፉ እየመታ።

ወይዘሮ አባይነሽ መሐላ አልጠየቀችም። አምስት ኪሎ የምታስተምር መምህርት ናት፤ የመጣችው ለልጆቿ ቪዲዮ ልትከራይ ነው። ጊዜው ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ዘበነ ደግሞ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ መውረጃ ላይ ካለችው ጠባብ ሱቁ ሆኖ፣ በሱ አነጋገር፣ አዲስ አበባን በሙሉ ፊልም ያሳያል። ሦስት ሺህ ካሴት አለኝ ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው ሁለት መቶ አይሞላም። የቀረውስ ሲሉት «መጋዘን ነው» ይላል፤ መጋዘኑ አልጋው ሥር ነው።

«ትንሿ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መካከለኛው ዐሥራ አንድ፤ ትልቁ ዐሥራ ሰባት ሊሞላው ነው» ብላው ነበር። «የቪዲዮ ዴኩ አንድ፣ ክፍሉ አንድ። ሦስቱም አብረው የሚያዩት ተከታታይ ይፈልጉልኝ። ቶሎ የማያልቅ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ቀነሰች። «ትልቁ ከቤት እንዳይወጣብኝ ነው፣ አቶ ዘበነ።»

ይህን ለዘበነ ማብራራት አያስፈልግም። በዚያ ክረምት ጎረምሳ ያለው ቤት ሁሉ ሥጋቱ አንድ ነው፤ ለጦር ግንባር የሚደረገው አፈሳ። መኪናው መንገድ ዳር ይቆማል፣ ሲኒማ ደጅ የተሰለፈው፣ ኳስ የሚጫወተው፣ ዳቦ የተላከው ይጫናል። ዕድሜ የሚጠይቅ የለም።

እሷ እጇን ወደ አንድ የጦርነት ፊልም ሰደደች። ትልቁ ልጇ የፊልሙን ስም በወረቀት ጽፎ ሰጥቷት ነበር።

«እሱን ይተዉት!» አለ ዘበነ። «ትልቁን ያስቀምጥልዎታል፣ ትንሿን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለቅስ ያድራል። ለብዙ ልጅ ፊልም መምረጥ ማለት ከታች በትንሿ ፍርሃት፣ ከላይ በትልቁ ኩራት መካከል ማለፍ ነው። ይህን ጥበብ በዚህ አገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የውጭ ሰዎች ሳይቀሩ አማክረውኛል።»

ከባንኮኒው ጥግ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ልጁ ዘርፌ፣ ደንበኞች የመለሱትን ካሴት ደብተር ላይ በእርሳስ እየመዘገበች ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀና ብላ አላየችም።

ከዚያ ነበር ዘበነ የማለው። ማለና ቀጠለ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በእሱ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ልጆች ይሰበሰባሉ። ዘርፌ ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነበር። የጎረቤቱ የነጋዴው የአብዱልሃሚድ ልጅ ከሪማ አምስት፣ ምራቋን ሳትውጥ የምታወራ። ሦስተኛው እንዳለ ነው፤ የእህቱ የዓለምወርቅ ልጅ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ቁመቱ በር የሚመታ። በዘበነ አነጋገር ደግሞ ጣሪያ የሚያነሳ።

«እህቴ እጄ ላይ አስቀምጣው ሄደች። ‹ወንድምዓለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳይወጣ ብቻ አድርግልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም› አለችኝ። እኔም ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ሳልተኛ መረጥኩ። ሃምሳ ፊልም አየሁ! ምን ሃምሳ፣ መቶ!»

የመረጠው በመርከብ ስለሚጓዝ አንድ ቤተሰብ የሚተርክ ተከታታይ ነበር። ዐሥራ ሁለት ክፍል፣ አራት ካሴት። ለከሪማ መርከቧ ላይ ጦጣ አለችላት፤ ለዘርፌ ማስታወሻ የምትጽፍ ልጅ፤ ለእንዳለ ደግሞ የተበላሸ ሞተር የሚፈታ ጎረምሳ። እያንዳንዱ ክፍል ልብ አንጠልጥሎ ያበቃል። አራተኛው ክፍል ላይ ማዕበል አለ፣ አባትየው ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ዘበነ አስቀድሞ ብቻውን አይቶት የዴኩን ቆጣሪ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያዘ። እዚያ ሲደርስ ያሳልፈዋል።

«ያሳልፉታል? ትልቁስ አይነቃበትም?» አለች አባይነሽ።

«ጎበዝ! መምህርት መሆንዎ ታወቀ። ለእሱ አስቀድሜ በጆሮው ነገርኩት። ‹አንተ ማታ ታየዋለህ፤ አሁን ለትንሿ ስንል ነው› አልኩት። ምስጢር ሲያካፍሉት ትልቅ ሰው ሆነ። ደግሞ ሥራ ሰጠሁት፤ አስተርጓሚ! እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ከሪማ ጭኑ ላይ፣ ዘርፌ ጎኑ፣ እሱ መሐል ሆኖ ጦጣዋን በጉራጌ ቅላጼ ሲያናግራት ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ተናጋሪ ልጅ ነበር፤ እንዲያው ምን ልበልዎ…»

እዚህ ላይ አቆመና ባንኮኒው ላይ ያልነበረ አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

«ከዚያስ?» አለች አባይነሽ ቀስ ብላ።

ከዚያ መኪናው መጣ። ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ዘበነ እንደሚለው ዐሥራ አምስት መኪና ነው፤ ያ ቀጭን ቁልቁለት ሁለት ጎን ለጎን እንደማያሳልፍ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። በሩ ተበረገደ። መሣሪያ የያዙ ሦስት ሰዎች ገቡ። እንዳለ አምስተኛውን ክፍል እየተረጎመ ነበር። ንቅንቅ አላለም። ከሪማ ወደ ሰዎቹ ዞር ብላ «ዝም በሉ፣ ጦጣዋ ተደብቃለች!» አለቻቸው።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፣ እትዬ አባይነሽ! አንደኛው መሣሪያውን ግድግዳ አስደግፎ ቁጭ! ሌሎቹም ተከተሉት። አንድ ክፍል ሙሉ አዩ። አለቃቸው ሲነሳ፣ ‹ለመሆኑ ጦጣዋ ተገኘች?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጡ› አልኩት። ስቀው ወጡ። ልጁን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።»

አባይነሽ አልሳቀችም። መሐረቧን ከቦርሳዋ አውጥታ በእጇ ጨበጠችው። እንዲህ ያለ ነገር እንደማይሆን ታውቃለች፤ ቢሆን ግን ምን ነበረበት! ዘበነ አራቱን ካሴቶች ከባንኮኒው ሥር፣ ለብቻቸው ከተቀመጡበት አውጥቶ በጋዜጣ ይጠቀልልላት ጀመር። ጋዜጣው ሁለቴ ተቀደደበት።

«ልጁስ አሁን የት ነው?» አለች።

«ደህና ነው። አድጓል።»

«እናቱ እንዴት ደስ ይላት ይሆን።»

ዘበነ ሲባጎ ፍለጋ ጎንበስ አለና እዚያው ቆየ።

ዘርፌ እርሳሷን አስቀመጠች። የተናገረችው ለአባይነሽ ነው፤ ድምጿ ከመንገዱ ጫጫታ በታች ስለነበር ሴትየዋ ለመስማት ጠጋ አለች።

«ቤታችን ወታደር አልገባም፣ ቲቸር። ያን ቅዳሜ ያየነው ይህን አልነበረም። እንዳለ የጦርነት ፊልም ብሎ ሲለምን ከሪማ አለቀሰች፤ አባዬም የሕፃን ካርቱን ከፈተልን። እንዳለ ‹እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?› ብሎ ወጣ፤ መንገድ ላይ ታፈሰ። የመርከቡን ፊልም አባዬ ያመጣው እሱ ከተወሰደ በኋላ ነው። እንዳለ አላየውም።»