ማሽኑ የሰጠው ዕድሜ

ራህመቶ ከአዳማ ወንጂ እስኪደርሱ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ከእጁ አላወረደውም። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሚስቱ ዙለይካ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ "ኧረ ቀስ በልልን ወንድሜ" ትላለች፤ እሱ ግን ቀና ብሎም አላየ።

የስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ቁጥር አያስፈራውም። ምህጻረ ቃላቱን ክሊኒክ ውስጥ ነርሷን ጠይቆ ለይቷቸዋል፦ የጭንቅላት ዙሪያ፣ የሆድ ዙሪያ፣ የጭን አጥንት ርዝመት። በየልኬቱ አጠገብ የሳምንት ቁጥር አለ። ከታች ደግሞ "አማካይ ዕድሜ ሠላሳ ሳምንት" የሚል ነገር፣ ቀጥሎም የመውለጃ ቀን። ወደ ኋላ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ሁለቱንም ጊዜ ፅንሱ የተጀመረበት ቀን እሱ ለጥገና ሥራ ወደ መተሐራ ከሄደ በኋላ ላይ ወደቀ። ከዚያ የተመለሰው ገና ባለፈው ሳምንት ነው፤ ከሚስቱ ጋር ለምርመራ ሲሄድም የመጀመሪያው ነበር።

ያየቻቸው ዶክተር ሉሊት "የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ይዘሻል?" ብላ ጠይቃ ነበር። ዙለይካ እቤት ረስታዋለች። "እሱን ሳላይ ምንም ማለት አልችልም። ነገ ይዘሽው ነይ" አለቻት። ራህመቶ ግን በዚያ ሰዓት ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር አልሰማትም።

ቤት እንደገቡ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣

"እኔ መተሐራ የሄድኩት መቼ ነበር?" አላት።

ዙለይካ ግራ ገብቷት አየችው። ቀጥሎ ወረቀቱን አየች፤ ገባት።

"ምን እያልከኝ ነው?"

"እኔ ምንም አላልኩም። ወረቀቱ ነው ያለው።"

"ወረቀቱ አፍ የለውም። አንተ ተናገር።"

ወጥቶ በአገዳው ዳር ባለው መንገድ ሲመላለስ አመሸ። እሷ የሠራችው ምሳ ለእራትም ሳይነካ ቀረ።

ጠዋት የመጀመሪያውን የአልትራሳውንድ ወረቀት ከሻንጣዋ አውጥታ በር ላይ ቆመች። "ተነስ። ፊት ለፊቴ ዶክተሯን ትጠይቃታለህ።"

ዶክተር ሉሊት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ራህመቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ሠላሳ ሳምንቱ ነው ወይስ አይደለም?"

"አይደለም። ማሽኑ የሚለካው መጠን እንጂ ዕድሜ አይደለም። 'ይህን የሚያህል ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህል ሳምንቱ ነው' ብሎ ይገምታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፅንስ ሁሉ የሚያድገው በተቀራረበ መጠን ነው፤ ስለዚህ የምናምነው የመጀመሪያውን ልኬት ነው። በሱ ከሄድን ዛሬ ሠላሳ ሦስት ሳምንት ሆኗታል።"

ራህመቶ ትንፋሹን ለቀቀ። "አልሐምዱሊላህ!" ወደ ዙለይካ ዞረ። እሷ ግን የምታየው ሐኪሟን ነበር፤ ሐኪሟ ፊቷን አልፈታችም።

"ሦስቱ ሳምንት የት ሄደ ታዲያ?" አለች ዙለይካ።

"እሱ ነው ያሳሰበኝ። ጭንቅላቱ ብዙም ወደ ኋላ አልቀረም። ሆዱ ግን አምስት ሳምንት ቀርቷል። የእንግዴ ልጁ በደንብ እየመገበው ላይሆን ይችላል።"

"ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል የለም" አለ ራህመቶ።

"ቁጥሩ አለ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አይጽፍም፤ እሱን ሰው ነው የሚያነበው።" ወደ ዙለይካ ጠጋ አለች። "እንቅስቃሴውስ እንዴት ነው?"

ዙለይካ ከንፈሯን ነከሰች። "ቀንሷል። ትናንት ማታ ልነግረው ፈልጌ ነበር።"



በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባች። በእትብቱ የሚያልፈውን ደም ለኩ፤ ፍሰቱ ደክሟል። ለልጁ ሳንባ የሚረዳ መርፌ ወጓት፤ የልቡንም ምት ጠዋት ማታ ያዳምጡ ጀመር። ራህመቶ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ነርስ ባለፈች ቁጥር ይከተላል። በሳምንቱ መጨረሻ የልብ ምቱ መውረድ ሲጀምር በቀዶ ጥገና አዋለዷት። ሴት ናት። ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላችም፤ ወዲያው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወሰዷት።

ዙለይካ ስትነቃ ራህመቶ አልጋዋ አጠገብ ነበር።

"ይቅር በይኝ" አላት። "በወረቀት አምኜ..."

"አሁን ይቅር ልልህ አልችልም።" ድምፅዋ ደክሟል። "እኔ መሄድ አልችልም፣ አንተ ትችላለህ። ሂድና እያት። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።"

እጁን ታጥቦ ገባ። ሲመለስ አንዳች ቁጥር አልጠራም።

"ትተነፍሳለች። ራሷ ነው የምትተነፍሰው፣ ያለ ቱቦ። ስትናደድ ግንባሯን ትቋጥራለች።"

"ሌላስ?"

"አገጯ ያንቺ ነው። ጣቴን ስሰጣት ያዘችኝ።"

"አጥብቃ?"

"አጥብቃ።"

ዙለይካ ዓይኗን ጨፈነች። "ተመልሰህ ግባ" አለችው። "ብቻዋን አትተዋት።"