ይሰረዝ የተባለው መስመር

ብዙነሽ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ቃል ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። አዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ አለቃዋ አቶ ደምሴ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ «ነጠላ ሰረዝ... አራት ነጥብ... ኧረ እሱ ይሰረዝ» ሲሏት እጇ ከአፋቸው እኩል ይደርስ ነበር። ጡረታ ስትወጣ ይዛ የወጣችው አንድ የግድግዳ ሰዓትና የጣት ቁርጥማት ነው። ሰዓቱ ከቆመ ቆየ፤ ቁርጥማቱ ግን አንድም ቀን አላረፈም።

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የልጇ የሊዲያ ሠርግ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤቷ በደስታ መሞላት ሲገባው አንድ ጉዳይ አላስተኛ አላት። ሊዲያ «የክርስትና እናቴ ከሌለች ሠርግ አልለውም» ብላ ችክ አለች። የክርስትና እናቷ ጽጌሬዳ ናት። ጽጌሬዳና ብዙነሽ አሥራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጽፉ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ በአንድ ጃንጥላ ሲሄዱ የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ።

ያጣላቸው ኮምፒውተር ነው። ሥልጠና የምትላከው ከሁለቱ አንዷ ብቻ ናት ተባለ። በሳምንቱ ጽጌሬዳ «ጆሮዋ ደክሟል፤ የሚነገራትን አጣርታ አትሰማም» ተብላ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። መጥታ ብዙነሽን ዐይን ዐይኗን እያየች «አንቺ ነሽ የነገርሽብኝ?» አለቻት። ብዙነሽ «እኔ የለሁበትም» አለች። ነገሩ ከረረ፤ ብዙነሽም በንዴት «ገብርኤልን! ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም» ብላ ማለች። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሆነው።

አሁን ሊዲያ የሠርጉን ካርድ ይዛ ጽጌሬዳ ወደምትኖርበት ወደ ከተማው ዳር፣ ቱላ ድረስ ሄዳ ነበር። ጽጌሬዳ አቅፋ ሳመቻትና አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «እናትሽ ራሷ በቃሏ ትጥራኝ፤ ያኔ እመጣለሁ።»

እንዴት ትጥራት? እንዳትሄድ መሐላው አለ፤ በገብርኤል የማለ ሰው በባጃጅ ሄዶ አያፈርሰውም። እንዳትደውል ጽጌሬዳ አሁን በስልክ ጭራሽ አትሰማም፤ የድምፅ መልእክትም ያው ነው። እንዳትጽፍ ደግሞ ጣቶቿ ሁለት ቃል ሳይጨርሱ ያብጣሉ። የአንዷን ጣት፣ የሌላዋን ጆሮ በልቶ የጽሕፈት መኪናው ሁለቱንም በየፊናቸው ለይቷቸዋል።

«እማ፣ አንቺ ተናገሪ፤ ስልኩ ይጻፈው» አለች ሊዲያ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት። መጀመሪያ በራሷ ስልክ ለመሥሪያ ቤቷ በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት ተናግራ አሳየቻት። «ኮማ» ስትል ጭረቷ ቁጭ አለች፤ «ፒሪየድ» ስትል ነጥቡ ቁጭ አለ። ብዙነሽ አፏን ያዘች። ከዚያ ሊዲያ የእናቷን ስልክ ወደ አማርኛ አዞረችላት። «ይህቺን ማይክ ትነኪና ትናገሪያለሽ። ዝም ካልሽ ያቆማል፤ እንደገና ትነኪያታለሽ። ስትጨርሺ ይህቺን ነክተሽ መላክ ነው» ብላት ሄደች።

ብዙነሽ በሩን ዘጋች። ስልኩን አፏ ሥር ይዛ፣ አንድ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ልክ እንደ አቶ ደምሴ መንጎራደድ ጀመረች። እንዲህ ዓይነት ጸሐፊ በስተርጅና ይገኛል ብላ አልማ አታውቅም።

«ይድረስ ለጽጌሬዳ ነጠላ ሰረዝ። እንደምን አለሽ ጥያቄ ምልክት። እኔ ደህና ነኝ አራት ነጥብ። አዲስ መስመር። ልጅሽ ሊዲያ በጥር ልትዳር ነው አራት ነጥብ።» እዚህ ላይ ቀና ብላ የቆመውን የግድግዳ ሰዓት አየች። ማይኩ ቆመ፤ እንደገና ነካችው። ያልታሰበው የመጣው ያን ጊዜ ነው። «ጽጌ፣ ያኔ ስለ ጆሮሽ ለአቶ ደምሴ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሥልጠናው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»

ደንግጣ ቆመች። ይህን ቃል ለንስሐ አባቷ እንኳ አለሳልሳ ነው የነገረችው። «ይሰረዝ!» አለች ፈጥና። «እሱ አረፍተ ነገር በሙሉ ይሰረዝ። አራት ነጥብ። በሠርጉ ዕለት እንድትገኚልን በትሕትና እንጠይቃለን።» ነጠላ ሰረዝን የሚያውቅ ጸሐፊ ይሰረዝን ያጣዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ማንበብማ ነበረባት። ግን መነጽሯ ቡፌው ላይ ነው፤ ደግሞ አቶ ደምሴ አንድም ቀን አንብበው አያውቁም። «ብዙነሽ የጻፈችውን ምን አነባለሁ» ብለው ይፈርሙ ነበር። እሷም ይህን ጌትነት አንድ ጊዜ ልቅመሰው ብላ ላከችው።

ሊዲያ ለምሳ መጥታ ስልኩን ስታይ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። «እማ! በአማርኛ እኮ ምልክቱን አያውቅም፤ የተባለውን ሁሉ በፊደል ነው የሚያሰፍረው!» እውነትም «ይድረስ ለጽጌሬዳ ነጠላ ሰረዝ እንደምን አለሽ ጥያቄ ምልክት» ይላል። ወረድ እያለች ስትሄድ ግን ሳቋ ጠፋ። ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት።

ብዙነሽ መነጽሯን አጠለቀች። «ለአቶ ደምሴ የነገርኩት እኔ ነኝ ሥልጠናው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው ይሰረዝ እሱ አረፍተ ነገር በሙሉ ይሰረዝ አራት ነጥብ።» ምንም አልተሰረዘም።

«አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው!»

«ማጥፋትስ ይቻላል፤ ግን ከሥሩ ሁለቱ የራይት ምልክቶች ይታዩሻል? አንብባዋለች።»

ብዙነሽ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። የልጇን ሠርግ በገዛ አፏ ያፈረሰች መሰላት፤ አፈረች፣ ፈራችም። ሊዲያ ወደ ሥራ መመለሱን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ጽጌሬዳ ናት። የላከችው ያንኑ ደብዳቤ ነው፤ ግን እንደ ድሮው በንጹሕ ተገልብጦ። ነጠላ ሰረዙ በቦታው፣ ጥያቄ ምልክቱ በቦታው፣ አዲሱ መስመር በአዲስ መስመር። ስልኩ ያበላሻት አንዲት ፊደል እንኳ ተቃንታለች። ከሥሩ ማስታወሻ አለ፤

«ብዙነሽ፣ እንዳዘዝሽኝ አርሜ ጽፌዋለሁ። አንዱን ትእዛዝሽን ግን አልፈጸምኩም። ይሰረዝ ያልሽውን ትቼዋለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅሁት እሱን ነው። ከተስማማሽ ፈርመሽ መልሺልኝ።»

ብዙነሽ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሁለተኛም አነበበችው። ይሰረዝ ያለችው ነገር በአራት ነጥብ ተዘግቶ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ እንዳሰበችው አያስፈራም። ደረቷ ቀለላት፤ እንባዋም መጣ።

«ልናገርልሽ ወይስ ልጻፍልሽ?» አለች ሊዲያ።

«ተዪኝ፣ ፊርማ ነው» አለች ብዙነሽ። በዚያች ባበጠች ጣቷ አንድ በአንድ እየፈለገች፣ አንዴ ስታ እያጠፋች፣ ስሟን ጻፈች። አራት ነጥቡንም ራሷ አኖረችውና ላከችው።

መልሱ ብዙ አልቆየም። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፤ ደጄን የማትረግጪ አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አልማልኩም። ብቻ ስታወሪኝ ጮክ በዪ።»