ሦስት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ ምስር

ግንበኛው አማቱን ቢፈራ አይፈረድበትም። ሴትዮዋ ሥጋ የማይገባበት ቤት ቤት አይመስላቸውም። የአራት ዓመቷ ልጁ ሚጢጢ ሁለት ወር ሙሉ ኪሎዋ ንቅንቅ አልል ሲል ጊዜ፣ ፈረዱበት።

«ወይ ያንን በቆርቆሮ የሚሸጠውን የፕሮቲን ዱቄት ግዙላት፣ አለዚያ በወሩ ካልጨመረች ሻንጣዬን ይዤ እገባለሁ! ወጥ ቤቱንም እኔ እይዘዋለሁ!»

እግዚኦ! ሴትዮዋ አንዴ ከገቡ የሚያስወጣቸው የለም። ወጥ ቤቱ ደግሞ የሱ ነው፤ በዚያ ቤት ምግብ የሚሠራው ግንበኛው ነዋ!

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሮጠ። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳችው።

«እህል የሚጎድለውን ጥራጥሬ ይሞላዋል፣ ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ እህል። ሦስት እጅ ሩዝ ካለህ አንድ እጅ ምስር፣ በቃ። የቆርቆሮውን ምን ልታደርገው?»

ሦስት ለአንድ! ሰውየው ፊቱ በራ። ይሄማ ሃያ ዓመት ያቦካው የአሸዋና የሲሚንቶ ልክ ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። አሸዋውን ጠዋት፣ ሲሚንቶውን ማታ አድርጎ ግድግዳ ያቆመ ሰው የለም። ስለዚህ ሩዙና ምስሩ በየማንኪያው መገናኘት አለባቸው ብሎ ደመደመና አንድ ላይ ለውሶ አቀረበው። ሚጢጢ ደግሞ ምግብ ከምግብ ከተነካካ ሞቼ እገኛለሁ የምትል ልጅ ናት። ዳቦ ስትገምጥ ካያት ባቄላ በማንኪያ ይዞ ከኋላዋ ይሮጣል።

«ቁሚ! ያለ ማያያዣ እንዳትውጪ!»

ልጅቷ አፏን ዘጋች። ሳምንት ሙሉ እንደ ነገሩ ቀማምሳ ትነሳ ጀመር።

«ልጄን ግድግዳ አደረግካት እንዴ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቱ፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

አንገቱን ደፍቶ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሰ። ነርሷ ስትሰማ ወንበሯን ይዛ ሳቀች።

«ወንድሜ፣ ማቦካቱን ለሰውነቷ ተውለት! ጠዋት ዳቦ፣ ከሰዓት ባቄላ ብትበላ በዚያው ቀን ውስጥ ይገናኛሉ። ብቻ ጠግባ ትብላ።»

ከዚያ ወዲያ ሩዙ ለብቻው፣ ምስሩ ለብቻው ሆነ። ለመክሰስ በደንብ የበሰለ ሽምብራ ይሰጣታል፤ እሷም እየቆጠረች ትበላለች። የምትመዘንበት ቀን ሲደርስ አማትየው መነጽራቸውን አድርገው ሚዛኑ ላይ ተደፉ። ግማሽ ኪሎ ጨምራለች!

«ምን አብልታችኋት ነው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው።

ግንበኛው በደስታ ምሳ ጋበዛቸው፤ ሩዝና ምስር። አንድ ሳህን በሉ፣ ደገሙ፣ ድስቱንም ጠረጉት። ተገላገልኩ ብሎ ያን ዕለት ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። አማትየው ከነሻንጣቸው ቆመዋል።

«እማማ፣ ልጅቷ ጨመረች እኮ! አይተዋል!»

«አይቻለሁ፣ ልጄ» አሉ ገፋ አድርገውት እየገቡ። «ወጥ ቤትህን አልነካብህም። ዛሬ ምን ሠራህ?»