ከወጥ ቤት ትይዩ ያለች ሰረዝ

የልብስ ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። የሁለት መቶ ሠራተኞችን የጤና ምርመራ ውጤት ጠቅልዬ እንድለጥፍ ሲነገረኝ፣ መመሪያውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ ብዬ ተኩራራሁ፦ ስም አይጻፍ፤ ከአሥር ሰው በታች ያለው ክፍል ቁጥር ይደበቅ። ወጥ ቤት ሁለት ሴቶች ብቻ፣ ወጥ ሠሪዋና ዕቃ አጣቢዋ፣ ስላሉት፣ በሄፓታይተስ ቢ ዓምድ ሥር ሰረዝ አደረግሁለት። ስፌት አምስት፣ ማሸጊያ ሦስት፣ ሌሎቹ ክፍሎች ዜሮ፣ ጠቅላላ ዘጠኝ። ለጥፌ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

መካኒኩ ለመቀነስ እርሳስ እንኳ አላስፈለገውም። "ዘጠኝ ሲቀነስ ስምንት! ወጥ ቤት አንድ አለ በሉኛ!"

ጠቅላላውን ማስቀረት ወይም ሌላም ክፍል መደበቅ ነበረብኝ። ወረቀቱን ስነቅለው ወሬው ግቢውን ዞሮ ጨርሶ ነበር። ምሳ ሰዓት ድስቱ እንደሞላ ቀረ። በደምና በሰውነት ፈሳሽ እንጂ በምግብ፣ በሳህን አይተላለፍም ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናገርኩ። ማን ሊሰማኝ? ማማሰያ የያዘችው ወጥ ሠሪዋ ስለሆነች እሷ ላይ ፈረዱ።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ሠሪዋ ክሊኒክ ገብታ በሩን ዘጋችው።

"ሥራ አስኪያጁ ከነገ ጀምሮ ወደ ጽዳት ሂጂ አለኝ። ልጄ፣ ውጤቴን ራስሽ ነሽ የሰጠሽኝ። ነፃ ነሽ አላልሽኝም?"

"ብያለሁ፣ እትዬ።"

"ታዲያ እሷ አይደለችም ብለሽ ንገሪያቸዋ! ምን ያስፈራሻል?"

እሷ አይደለችም ካልኩ የምትቀረው ዕቃ አጣቢዋ ብቻ ናት። ወጥ ሠሪዋ ፊቴን አየችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ዝም በማለቴ ብቻ የሌላዋን ምስጢር ነገርኳት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ሁለት ሕፃናት አሏት እኮ" አለች ቀስ ብላ። ከቦርሳዋ ያወጣችውን የውጤት ወረቀት አጣጥፋ መለሰችው። "የኔዎቹ አድገዋል። ይህን ለማንም አላሳይም።"

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁኑኑ ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ።"

"ንገሪው። የሌላውን አፍ ግን በምን ትዘጊዋለሽ?"

ነገርኩት። ከሾለከ ምስጢር ተነስቶ ሰው ከሥራ ማዛወር እንደማይችል ሲገባው ትእዛዙን ሻረ። በማግስቱ የፋብሪካውን ጠቅላላ ቁጥር ብቻ የያዘ አዲስ ወረቀት ለጠፍኩ፤ ከሥሩም የመጀመሪያው ወረቀት ስህተት የኔ መሆኑን ጻፍኩ። የመጀመሪያውን በቃላቸው ስለያዙት አዲሱን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ምሳ ሰዓት ሰልፉ ላይ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሌላው ከቤት ያመጣውን ምሳ ዕቃ ከፍቶ ተቀምጧል። ዕቃ አጣቢዋ ሳህን ስታቀብለኝ ዓይኔን አላየችም፣ እኔም አላየኋት። ወጥ ሠሪዋ ሞልታ ጨለፈችልኝና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ "ጨው በዛ እንዴ?" አለችኝ።

"አልበዛም፣ እትዬ" አልኩ። ከየጠረጴዛው እያዩኝ ስለነበር፣ ምግቡን አንድም ጉርሻ ሳላስቀር እዚያው ፊታቸው በላሁት።