በእማ ወለተ ሐና አልጋ አጠገብ የተነገረ ጀርመንኛ

ምሥጋናው ትራስ ማናገር ሰልችቶታል። ወር ሙሉ ባዶ አልጋ ላይ ትራስ አስተኝቶ «ወይዘሮ ቬበር» እያለ ሕመሙን ሲጠይቀው ሰነበተ። ማክሰኞ ማለዳ ግን የሌሊት ተረኛዋን ንጋትን የሳንባ ምች ይዟቸው በተኙት በእማ ወለተ ሐና አልጋ አጠገብ አቆማት።

«ርክክባችንን በጀርመንኛ እናድርገው» አላት። «ፈተናው የፊታችን ሐሙስ ነው። ከዚህ የተሻለ ልምምድ ከየት ይመጣል?»

ሁለቱም ላሊበላ ዳርቻ ባለች ትንሽ የግል የሕክምና ማዕከል የሚሠሩ ነርሶች ናቸው። ጀርመን ሄዶ ለመሥራት አዲስ አበባ ወርደው የሚቀመጡበት የቋንቋ ፈተና ሦስት ነገር ይጠይቃቸዋል። ከበሽተኛ ጋር መነጋገር፣ የሰሙትን መጻፍ፣ ከዚያም በሽተኛውን ለተረካቢ ነርስ በቃል ማስረከብ። ምሥጋናው ባለፈው የወደቀው በሦስተኛው ነው። በቃሉ ያጠናውን ሲያወርድ ፈታኟ መሐል ገብታ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም።

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ ስላደረች ድካሟ ከፍቶ ነበር። ቢሆንም እሺ አለች። እውነተኛውን ርክክብ በኋላ በአማርኛ አደርገዋለሁ ብላ አሰበች። ምሥጋናው ስልኩን ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ጋር አስደግፎ መቅጃውን ከፈተ፤ በኢንተርኔት ለሚያስተምራቸው መምህር ሊልክለት ነው።

«የመለማመጃ ካርዱን ታሪክ ተጠቀሚ» አላት ማስቲካውን እያላመጠ። «የእሳቸውን አይደለም። የሳንባ ምች ብቻ ምን ያናግራል?»

ንጋትም በአገጯ ወደ አሮጊቷ እያመለከተች በጀርመንኛ ተናገረች። በሽተኛዋ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። አእምሯቸው ደክሟል፤ ልጃቸውን አይለዩም። ሽንታቸውን አይቆጣጠሩም። ሌሊት ተነሥተው ወድቀዋል፤ ብቻቸውን መተው የለባቸውም። ምሥጋናው መሐል እየገባ ጠየቃት፤ እሷም መለሰች። ከዚያ እሱ ከበሽተኛ ጋር የሚደረገውን ንግግር ጀመረ። መምህሩ ዐይን ለዐይን ተያዩ፣ ድምፃችሁን አለስልሱ፣ አዘኔታችሁን አሳዩ፣ ነጥብ የሚሰጥበት ነው ብሏቸዋል። ስለዚህ ምሥጋናው የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ቅንድቡን አንሥቶ፣ በዚያ የማስቲካና የሽቶ ሽታ በተቀላቀለበት አፉ፣ «ሁኔታው እንደሚከብድዎት ይገባኛል፤ ከጎንዎ ነን» አላቸው፤ በጀርመንኛ።

ንጋት ፊቱን አየችው። ያ ፊት መስተዋት ፊት የተጠና ነበር፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ በዘይት የታሸ ይመስል ነበር።

እማ ወለተ ሐና አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። «ምን አገኛችሁብኝ?» አሉ።

«ምንም፣ ምንም የለም እማማ!» አለ ምሥጋናው በጥድፊያ፤ ስልኩንም አነሣ።

ንጋት እጇን ታጥባ ስትመለስ የእማ ወለተ ሐና ልጅ ቢሆነኝ የእናቱን ጋቢ ጠቅልሎ በገመድ እያሰረ አገኘችው። አሮጊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው አውጥተውታል። ከንፈራቸው መጥቆር ጀምሯል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ወደ አገራችን ወደ ሙጃ የሚወጣ መኪና አግኝቻለሁ፣ እህቴ» አለ ቢሆነኝ ቀና ሳይል። «ይችን ክንዷ ላይ ያለችዋን መርፌ ንቀይልን።»

«መድኃኒቱ አላለቀም እኮ! ገና ሁለት ቀናቸው ነው። አሁን ካቋረጡት ይሞታሉ።»

«መሞቱንማ ነገራችሁን» አሉ እማ ወለተ ሐና፤ በየቃሉ መካከል እየተነፈሱ። «ባሌም ሲሞት እንዲህ ነው የተደረገው። ሐኪሞቹ ራሱ ላይ ቆመው በሰው አገር ቋንቋ ተነጋገሩ። ምንም የለም አሉኝ። በማግስቱ ቀበርነው። እኔ ደግሞ ቤቴ ልሙት፤ የነፍስ አባቴ ይምጡልኝ።»

«እንዲያ አይደለም፣ እማማ...»

«እጄን ይዞ አለቀሰልኝ እኮ! ለሚድን ሰው እንዲያ ይለቀሳል?»

ለአገሩ ሰው መጥፎ ወሬ በሽተኛ ፊት አይነገርም፤ ቤተ ዘመድ ተጠርቶ በጆሮው ይነገረዋል፤ ይህን ከንጋት በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ሁለቱ ያንን ሁሉ ሲያደርጉ፣ አሮጊቷ ሌላ ምን እንዲያስቡ ጠብቃ ነበር?

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ምሥጋናው ክንዷን ይዞ አስቆማት። ጆሮ ማዳመጫው ገና ጆሮው ላይ ነው፤ የቀዳውን ሲሰማ ነበር።

«አሮጊቷን ልምምድ ነበር እንዳትያት» አለ በሹክሹክታ። «ልጁ ይከሰናል። የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ ማን ይጽፍልናል? ያለ እሱ ጀርመን የለም። ዶክተሩ ከልክሏል በያት፤ በቃ።»

«ሊሄዱ ነው ምሥጋናው። ከንፈራቸውን አየኸው?»

«አይቻለሁ፤ ለዚህ ነው ዶክተሩ ከልክሏል በያት የምልሽ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ግን አዘኔታዬን ሰማሽው? ጥሩ ነጥብ ነው የሚያሰጠኝ።»

ክንዷን አስለቀቀች። የያዛት ቦታ ላብ ነበረው፤ በጋዋኗ ጠረገችው።

ተመልሳ እማ ወለተ ሐና ፊት በርከክ አለች። «ልንገርዎት» አለች። «ስለ እርስዎ አልነበረም ያወራነው። ጀርመን ሄደን ለመሥራት ፈተና አለብን። በሽተኛ እንደምናስረክብ አድርገን እየተለማመድን ነበር። እርስዎ ላይ።»

ቢሆነኝ ገመዱን መጎተት አቆመ። «እናቴን መለማመጃ አደረጋችኋት?»

«አዎ።»

«ዋሽታ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ታስቀረኝ ብላ ነው። እስቲ ያልሽውን በአማርኛ በይው። አንዲት እንዳታስቀሪ።»

የጎን አልጋዎቹ አስታማሚዎች ያዳምጣሉ። ንጋት የተናገረችውን ሁሉ አንድ በአንድ በአማርኛ ደገመችው። ሰማንያ ሁለት ዓመት። አእምሯቸው የደከመ። ሽንታቸው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ።

«አልሰማሁም» አሉ እማ ወለተ ሐና።

«ሽንታቸውን አይቆጣጠሩም።»

አሮጊቷ የለበሱትን ነጠላ በጭናቸው ላይ ሰበሰቡ። «ዛሬ ሊነጋ ሲል ግድግዳ ይዤ ሽንት ቤት ሄጄ የመጣሁት ማነኝ? አንቺ አይደለሽ የደገፍሽኝ?»

«ነኝ።»

«ልጄንስ አልለየውም? ቢሆነኝ፣ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ያንቺ ነኝ እናቴዋ» አለ ቢሆነኝ። ከዚያ ወደ ንጋት ዞሮ፣ «ቱ! ደግሞ ነጭ ለብሳችሁ» አላት።

ምራቁ ወለሉ ላይ አረፈ። ንጋት አልተንቀሳቀሰችም። ቢመታትም አትንቀሳቀስም ነበር። የራሷ አፍ ከምራቁ ይልቅ አስጸየፋት።

እማ ወለተ ሐና ሳሉ፤ አክታውን በጨርቅ ተቀበሉ። «ስለ እኔስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስለ እውነተኛዋ እኔ ምን ነበር የምትዪው?»

«ሳንባቸው ላይ ምች አለ። ትኩሳታቸው ትናንት ከነበረው ቀንሷል። መድኃኒቱን ከጨረሱ ይድናሉ፤ ካቋረጡት ግን ያሰጋል።»

«ይህን ለማለት ጀርመን ምን አስኬዳችሁ?»

ማንም አልሳቀም። ቢሆነኝ እናቱን አያቸው፤ እሳቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገመዱን መልሶ ፈታው። ንጋት ቱቦውን ስትመልስላቸው አልተቃወሟትም።

«ያ ልጅ አይድረስብኝ» አሉ። «እሱ ከሚነካኝ ሙጃ ብሞት ይሻለኛል።»

«አይደርስብዎትም። እሱ ተራው ቢሆንም እኔ እቆያለሁ።»

የሚቀጥለውን መድኃኒት ሰዓቱ ሲደርስ ይዛ መጣች። ስሙንና ለምን እንደሚሰጥ በአማርኛ ነገረቻቸው። እማ ወለተ ሐና ክንዳቸውን ዘረጉላት፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሰጥታ እስክትጨርስም አልመለሱትም።