በማህተም የቆመ ቁጥር

ኡርጂ ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰችበት ሰኞ፣ ሰበታ ካለው የመኖ ማቀነባበሪያ ግቢ ሁለት ነገር ጠበቃት፤ የጠረጴዛዋ አቧራና የኦቦ ቦሩ የስንብት ደብዳቤ። አቧራውን በሶፍት ጠረገችው። ደብዳቤው ግን ጸሐፊዋ ጋ ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የሥራ አስኪያጁን የአቶ ዲሪርሳን ፊርማ ብቻ እየጠበቀ ተኝቷል።

ኦቦ ቦሩ የማደባለቂያው ማሽን ባለሙያ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከቢሮ ታትሞ የሚሰጣቸውን ወረቀት ይዘው ይሄን ያህል በቆሎ፣ ይሄን ያህል የኑግ ፋጉሎ፣ ይሄን ያህል የኖራ ድንጋይ ዱቄት እያሉ መዝነው ያስገባሉ። የወረቀቱ ግርጌ ድምሩ ሦስት ሺህ ኪሎ ነው ይላል። ከማሽኑ የሚወጣው መኖ ግን በየዙሩ ሰማንያ ኪሎ ይጎድላል። ብናኝ ነው እንዳይባል፣ ሰማንያ ኪሎ የሚቦን ዱቄት ሰበታን አልፎ አለምገናን ባለበሰ ነበር። ስለዚህ ግቢው በአንድ ድምፅ ፈረደ፤ ቦሩ ይሰርቃል።

«ሃያ ዓመት መኖ ስመዝን ጢሜ እንኳ ዱቄት ይዞ ከበር እንዳይወጣ አራግፌ ነው የምሄደው፤ አሁን በስተርጅና ሌባ!» አሏት ኦቦ ቦሩ በሩ ላይ ቆመው። «አንቺ እንኳን በሰላም መጣሽ ኢንታለ ኮ፣ ልጄ። ልጁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ኦቦ ቦሩ። እርስዎ ይግቡና ይቀመጡ እንጂ።»

«ሌባ ቢሮ ውስጥ አይቀመጥም» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም።

ኡርጂ ኮምፒውተሯ ላይ የመኖውን ሺት፣ የስሌት ሠንጠረዡን፣ ከፈተችው። ሺቱን ራሷ ናት የሠራችው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉት ሦስቱም ቢሮዎች በኢንተርኔት በጋራ ይጽፉበታል። የሱሉልታና የቡራዩ ደንበኞች ያዘዙት ኩንታል ሲገባ፣ ለየግብዓቱ የሚያስፈልገውን ኪሎ ፎርሙላው ራሱ ያወጣል። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ከመቶ ስምንቱ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቅርፊቱን የሚያጠነክረው እሱ ነው።

ገና ወንበሯን ሳታሞቅ ስልኳ ጮኸ። የሱሉልታዋ ዶሮ አርቢ ወይዘሮ ገለቴ ናቸው።

«እናንተ ሰዎች፣ ዶሮዎቼ ምን በደሏችሁ? እንቁላሉን ገና በዓይኔ ሳየው ይሰነጠቃል!»

«መቼ ጀመረው እማማ?»

«ሠላሳ ሠላሳ ኩንታል መቀላቀል ጀመርን ካላችሁ ወዲህ ነዋ!»

ኡርጂ ስልኩን ዘግታ አሰበች። ከማሽኑ የጎደለው መኖ ነው፤ ከእንቁላሉ የጎደለው ኖራ ነው። ሰው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሰርቆ ምን ያደርገዋል? አጥር ሊቀባ? በሠንጠረዡ ላይ የኖራው ኪሎ የሚጻፍበትን ሳጥን፣ ሴሉን፣ ተጫነችው። ከላይ ባለው የፎርሙላ መስመር ላይ ኩንታሉን የሚያባዛው ፎርሙላ መታየት ነበረበት። የታየው ግን እንደ ድንጋይ የተጎለተ 160 ብቻ ነው። የእኩል ምልክት እንኳ የለውም።

መቶ ስልሳ ኪሎ ለሃያ ኩንታል ልክ ነው። ለሠላሳ ኩንታል ግን ሁለት መቶ አርባ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ሰማንያ! ኡርጂ ብቻዋን ቢሮ ውስጥ «ዋቃዮ!» አለች።

ግን ድምሩስ? የግብዓቶቹ ድምር 2920 መሆን፣ ከትእዛዙ ጋር አልገጥም ብሎ ሴሉም ቀልቶ ማስጠንቀቅ ነበረበት። እንደዚያ እንዲሆን አድርጋ ነው የሠራችው። የድምሩን ሴል ብትነካው እዚያም አንድ ሰው 3000 ብሎ በጣቱ ጽፎበታል። በቀኝ ጠቅ አድርጋ የሴሉን የለውጥ ታሪክ አየች፤ የቡራዩዋ የትእዛዝ መዝጋቢ ትጊ ናት። ደወለችላት።

«ትጊዬ፣ የድምሩን ሴል ምን አርገሽው ነው?»

«እንዴ ኡርጂ! መጣሽ? ቀልቶ ነበራ! በየቀኑ ቀይ፣ በየቀኑ ቀይ፣ ደሜ ፈላ። ሠላሳ ኩንታል ሦስት ሺህ ኪሎ ነው አይደል? አስተካከልኩት፣ በቃ ነጭ ሆነ።»

«አስተካከልሽው?»

«ምስጋና አያስፈልግም።»

ቀይ መብራት ሲበራ አምፖሉን መንቀል ማለት ይኼ ነው። የትጊ ጥፋት ግን ችግሩን ደበቀው እንጂ አልወለደውም። ኡርጂ ወደ ኖራው ሴል ተመልሳ የእሱንም ታሪክ ከፈተች። ፎርሙላውን በ160 የተካው ሰው ስም ወጣ። አንብባ ወደ ኋላ ተለጠጠች።

ዲሪርሳ።

ዕድሜ ለዚያ ስም፣ አንድ ሰዓት ያህል ምን እንደምታደርግ ጠፋት። ፎርሙላውን በዝምታ መልሳ ብትቀመጥ መኖው ይስተካከላል፤ ኦቦ ቦሩ ግን «ሲባረሩ ስርቆቱ ቆመ» ይባልባቸዋል። ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ኦቦ ቦሩንም ጠራቻቸው።

«ጌታዬ፣ ይቺን ቁጥር እርስዎ ነዎት የጻፏት?»

አቶ ዲሪርሳ መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩት ፊታቸው በራ። «አዎ! እኔ ነኝ። የመኖውን ወረቀት አጽድቄ ማህተም ያረፈበት ቀን። ወረቀቱ መቶ ስልሳ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ኩንታል በተነካ ቁጥር ይገላበጣል። ማህተም ያረፈበት ቁጥር ያለ ደብዳቤ ይንቀሳቀሳል እንዴ? ቀጥ አድርጌ አቆምኩት።»

«ያን ቀን ትእዛዙ ስንት ኩንታል ነበር?»

«ሃያ።»

«አሁንስ?»

«ሠላ...» አሉና ቆሙ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ሲያባዛ ታየ። ኦቦ ቦሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ጣሪያውን ያያሉ።

«የጎደለው ሰማንያ ኪሎ መጀመሪያውኑ ወደ ማሽኑ አልገባም» አለች ኡርጂ ቀስ ብላ። «ወረቀቱ ያዘዛቸውን ነው ያስገቡት።»

ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ይጮሃል።

«ታዲያ ወደ ድሮው መልሺዋ» አሉ አቶ ዲሪርሳ በመጨረሻ።

«ጠቅላላውን ከመለስኩት ከዚያ ወዲህ የገባው ትእዛዝ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከአሮጌው ቅጂ ሁለቱን ፎርሙላዎች ብቻ እቀዳለሁ፤ ከዚያ ሴሎቹን እቆልፋቸዋለሁ።»

«ለእኔም?»

«ለእርስዎ በተለይ፣ ጌታዬ።»

ኦቦ ቦሩ ሳል ያዛቸው፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየም።

የቀረው ደብዳቤው ነው። አቶ ዲሪርሳ አገላብጠው አዩት፣ ተጨነቁ። «ወጪ ቁጥር ወስዷል። መዝገቡ ላይ ባዶ ቁጥር ልተው?»

«ቁጥሩ ይቁም፤ ውስጡ ይለወጥ» አለች ኡርጂ።

እሳቸው ይህን ቋንቋ ወዲያው ተረዱት። ከምሳ በፊት፣ ቀኑም ቁጥሩም ያው የሆነ ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ የመኖው ጉድለት ከቢሮ ስሌት የመጣ መሆኑንና ኦቦ ቦሩ ነጻ መሆናቸውን ይናገራል። የማን ስሌት እንደሆነ አይናገርም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ኖራ ገባ። ሚዛኑ ሦስት ሺህ ሊል ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ የቀረው በእውነት ብናኝ ነበር፣ የኦቦ ቦሩ ጢም ላይ ይታያል።

«ወረቀቱ ሲሰርቅ እኔ ልባረር!» አሉ ጢማቸውን እያራገፉ።

አቶ ዲሪርሳ ደግሞ ፎርሙላውን በትልቁ አሳትመው ማህተም አሳረፉበትና ፋይል ውስጥ አስቀመጡት። አሁን የቁጥሩ መንቀሳቀስ ጸድቋል።