ጋሽ ቬሴሊን በትንሿ ክብ ውስጥ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ የጋሽ ቬሴሊን አፍንጫ ማጠሩን፣ ራሰ በራነቱም መሻሩን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

ይህ የሆነው በሥዕል ነው። እኔና እሱ አብረን እንሠራበት የነበረው የካርቱን ድርጅት ከተዘጋ ስድስት ወሩ ነው። አሁን እዚሁ ቡልጋሪያ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ የልጆች የካርቱን ፊልም የሚሠራ ቤት ገጸ ባሕርይ የሚስል ሰው ይፈልጋል፤ ጋሽ ቬሴሊንም በኢንተርኔት የሥራ መፈለጊያ ገጹ ላይ በፎቶ ፋንታ ራሱን ስሎ ሊለጥፍ ነው። ድርጅቱ ከተዘጋ ወዲህ ቢሮ የምታጋራን ራሊትሳ፣ ሥራዋ ለድርጅቶች ሰው መመልመል ነውና፣ ሥዕሉን አይታ ሳቀች።

«ይሄ ማነው? ልጅዎ ነው?»

«ትንሽ አሳምሬው ነው።»

«ትንሽ? ሃያ ዓመት ቀንሰዋል! ጋሼ፣ ለባንክ ቢሆን ፎቶ ብቻ ነበር የምልዎት። ለካርቱን ቤት ሥዕሉ ራሱ ሥራዎን ይመሰክራል። ግን ለቪዲዮ ቃለ መጠይቁ ካሜራው ሲከፈት ሌላ ሰው ከመጣ፣ አለቀ።»

ሥዕሉን ስልኳ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ ውስጥ አስገባችው፤ ቀጣሪ የሚያየው በዚያ መጠን ነው። ከዚያ ታች ወርዳ፣ በየጠዋቱ ባኒጻ የሚባል የአይብ ቂጣ ለምትሸጥለት ለጾንካ አሳየቻት።

«አላውቀውም» አለች ጾንካ። «ባለትዳር ነው እንዴ?»

ጋሽ ቬሴሊን ይህን ሲሰማ አልተናደደም። አዲስ ገጽ ከፈተ። እኔም ሥራዬን ትቼ አፌን ከፍቼ አየሁ። መጨማደዱን ጣለ፣ የሸሚዙን ቁልፎች ጣለ፣ ጥላውን ጣለ፣ ከጀርባው አንድ ደብዛዛ ቀለም ብቻ አስቀረ። አፍንጫው ተመለሰ። መላጣውም። በመጨረሻ፣ ከታመመ ወዲህ ወደ ታች የወደቀችውን የግራ ዐይኑን ቆብ በአንድ መስመር አወረዳት። ጠቅላላው አሥራ ሁለት መስመር። እኔ ለስድስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ያላየሁትን ሰው በአሥራ ሁለት መስመር አሳየኝ።

«ዐይኑን እንኳ ትንሽ ቀና ቢያደርጉት» አልኩ። «በሽተኛ ነው ብለው እንዳይተዉዎት።»

እሱ መስመሯን ሳይነካ ሥዕሉን ለራሊትሳ ሰጣት።

ራሊትሳ እንደገና ወረደች። ጾንካ ስልኩን ገና ሳትቀበል፣ «ቬሴሊን ነዋ! ምን ሆኖ ነው ዛሬ ቁርሱን ያልወሰደው?» አለች።

ሥዕሉ ተለጠፈ፤ ሐሙስ ለቃለ መጠይቁ ካሜራው ተከፈተ። የፊልም ቤቱ ኃላፊ ደሲስላቫ የምትባል ወጣት ናት፤ እኔና ራሊትሳ ከስክሪኑ ጀርባ ቆመን እንሰማለን።

«እስከ አሁን ካነጋገርኳቸው ሁሉ» አለች፣ «ስም ሳላይ በሥዕሉ ብቻ ያወቅኩት እርስዎን ብቻ ነው። ሰውን በዚህን ያህል ጥቂት መስመር የሚያመጣ ነው የምንፈልገው። ሰኞ ይችላሉ?»

«እችላለሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያቺን ዐይን ሌላ ሰው ቢሆን ያቀናት ነበር። እርስዎ ለምን ተዉዋት?»

«አላብራራም» አለ ጋሽ ቬሴሊን፤ በጣቱም የወደቀችውን የገዛ ዐይኑን ቆብ ለካሜራው አሳየ።